ስድስት ልጆች ወልዳለች

በአያቴ የአርባ ቀን መታሰቢያ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ቤታችን ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ያነበብኩት ነው። ከወረቀቱ ወጣ ብዬ የተናገርኩትን ጨምሬበታለሁ። የቆምኩበትንም ቦታ አልደበቅኩም።

አባቶች ካህናት፣ እናቶች፣ የእድራችን ሰዎች፣ ዘመድ ጎረቤት ሁላችሁም፤ ስለ ደከማችሁልን እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

ብዙዎቻችሁ የቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስለነበራችሁ የሆነውን ታውቃላችሁ። የሕይወት ታሪኳን እንዳነብ ወረቀቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ማይኩን ያዝኩ። ሁለት መስመር አነበብኩ። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ሄደ። ቀስ እያለ እንኳ አልሄደም፤ መብራት እንደሚጠፋው ድርግም አለ። እኔ ዝም ስል ከኋላ አንዲት እናት "ወይኔ ልጄን" አሉ። ከዚያ ለቅሶው ተነሣ። አጎቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ የቀረውን አነበበ፤ ግን ማን ይስማው? እኔም አልሰማሁትም። አያቴ ሰማንያ አራት ዓመት ኖራ የተነበበላት ሁለት መስመር ነው።

ዛሬ እንደገና ላንብ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። አክስቶቼ "ተወው ይቅርብህ፣ ትታመማለህ" ብለውኛል። ማልቀስ ነውር መስሎኝ የምፈራ የመሰላቸውም አሉ። አይደለም። እኛ ጋ ለቅሶ ቤት መጥቶ ያላለቀሰው ነው የሚታማው። የቀብሩ ዕለት ስንቶቻችሁ ጀርባዬን እየመታችሁ "አልቅስ፣ ይውጣልህ" አላችሁኝ። ወጥቶልኛል። የምፈራው ታሪኳ እንደገና መሃል ላይ እንዳይቀር ነው። የአንባቢው ድምፅ ሲቆም ድንኳኑ ሁሉ ያለቅሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚነበበው ለምሰሶው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሲገርመኝ ሰነበተ። ወረቀቱን ሌሊት ስጽፈው አላለቀስኩም። በልቤ አምስት ስድስት ጊዜ ሳነበውም ምንም አልሆንኩም። የፈራሁት መጨረሻውን ነበር፤ "ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል" የሚለውን። እሱ ጋ መች ደረስኩና! የጣለኝ የማንም ሰው የሕይወት ታሪክ ላይ ያለ፣ ቅጽ የሚመስል መስመር ነው፦ "በትዳር ሕይወታቸው ስድስት ልጆች ወልደዋል።" ስድስት የሚለው ቃል ላይ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ቁጥር ያስለቅሳል ብሎ ማን ያስባል?

ለምን ስድስት ላይ እንደሆነ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን እዚህ እንዴት እንደቆምኩ ልንገራችሁ፤ ነገ የእናንተም ተራ ይደርሳልና።

በዓይን ማንበብና በድምፅ ማንበብ ለየቅል ነው። የሚጥልህ ቃል የቱ እንደሆነ ዓይን አያውቅም፤ አፍ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በየማታው ጮክ ብዬ አነበብኩት። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቶች በቃላችሁ ሳትይዙት አትቀሩም። የመጀመሪያ ቀን አራት ቦታ ወደቅኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ቦታ። አሁን አንድ ቦታ ቀርቷል። ያንን ወረቀቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። ስደርስ ታዩኛላችሁ።

ይህች አጠገቤ የቆመችው እህቴ ናት። ሌላ ቅጂ ይዛለች፤ ጣቷም እኔ ባለሁበት መስመር ላይ ነው። ድምፄ ከሄደ እስከ አስር ቆጥራ እሷ ትቀጥላለች። እስካሁን አላስፈለገችኝም፤ ግን መኖሯ ብቻ ግማሹን ፍርሃት ወስዶልኛል። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ እንባ ያቀረረ ዓይን ደቃቅ ፊደል አያነብም። በስልክ ላነብ አስቤ ነበር። ዝም ባልኩ ቁጥር ስክሪኑ ይጠፋል፣ የራሰ ጣትም አይታዘዝለትም። ወረቀት ይሻላል። እናቴን ደግሞ አላያትም። እማዬ፣ አትቀየሚኝ። የማየው ያንን ምሰሶ ነው።

ጉሮሮዬን የሚያንቀኝ ምን እንደሆነም አንድ ጤና ባለሙያ ዘመዴን ጠየቅኩት። ሲያለቅሱ ሰውነት ብዙ አየር ስለሚፈልግ ጉሮሮ ውስጥ ያለው በር ይከፈታል አለኝ። አንተ ደግሞ እንባህን ለመዋጥ ስትታገል ልትዘጋው ትሞክራለህ። ሁለቱ ሲጓተቱ ነው እንደ ድንጋይ የሚሰማህ። "አትታገለው። መጀመሪያ ትንፋሽህን ቀስ ብለህ አውጣ፣ ከዚያ ውሃ ጎንጨት በል" አለኝ። ውሃው ይኸው።

እንግዲህ ወደ እሷ።

ታሪኳ በወጉ "እሳቸው" እየተባለ ነው መነበብ ያለበት። የቀብሩ ዕለት የጻፍኩት እንደዚያ ነበር። ለእኔ ግን የማላውቃቸው የተከበሩ ሴትዮ ታሪክ መሰለኝ። "አንቺ" እያልኳት ነው ያደግኩት። ስለዚህ ዛሬ እሷ ብል አባቶች ይቅር በሉኝ። ፍትሐቱ ላይ እንኳ ካህናቱ በክርስትና ስሟ "ወለተ ሥላሴ" ሲሏት ዘወር ብዬ ሌላ የሞተ ሰው አለ እንዴ ብያለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ ያን ስሟን አልሰማሁትም ነበር።

አያቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ ተወለደች። ቀኑንና ወሩን አታውቀውም። "ጣልያን የወጣ ዓመት" ነበር የምትለው፤ 1933 ዓ.ም. መሆኑ ነው። መንዝ ብርድ ነው። በጉ ይሸለታል፣ ሴቷ ሱፉን ትፈትላለች፣ ወንዱ ባና ይሠራል። እሷም እንዝርት የያዘችው በሰባት ዓመቷ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። እንዝርት ግን በጨለማም ታሾር ነበር፤ መብራት ሲጠፋ እኛ ሻማ ስንፈልግ እሷ ሥራዋን አታቆምም።

በ1952 ዓ.ም. ከአያቴ ከአባባ ጋር አዲስ አበባ ገባች። ከመሐል ሜዳ ጣርማ በር ድረስ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና። ሲነግሩን አባባ ስለ መኪናው ነው የሚያወራው፤ እሷ ግን የምታነሣው ጣርማ በር ላይ ያጋጠማትን ጉም ነው። "እጄን ዘርግቼ እጄን አጣሁት" ትል ነበር።

ሽሮ ሜዳን ታውቁታላችሁ። ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ሰፈር ነው። እዚህ ሱፍ የለም፤ ጥጥ ነው። በሃያ ዓመቷ እንደ አዲስ ሙያ ተማረች። ፍሬውን መዳመጥ፣ በደጋን መንደፍ፣ ባዘቶውን ጠቅልሎ አመልማሎ ማድረግ፣ ከዚያ መፍተል። "ሱፍ ይለምናል፣ ጥጥ ግን ይኮራል" ትለን ነበር። ሱፍ ረጅም ስለሆነ ራሱ ይያያዝልሃል፤ ጥጥ አጭር ነው፣ እጅህ ለአንዲት ቅጽበት ከሳተ ይበጠሳል።

ይበጠሳል ስል አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት አባባ ሸማኔ የምንላቸው ሸማኔያችን ናቸው። አርባ ዓመት የእሷን ማግ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ድሩ ከፋብሪካ ከመጣ ቆይቷል፤ ማጉን ግን ከእሷ እጅ ነው የሚወስዱት። ልጅ ሆኜ ልቃቂቶቹን በፌስታል ይዤላቸው የምሄደው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እሷ ሳታይ እንዝርቷን አንሥቼ ስጫወት ክሩን በጠስኩት። ደንግጬ ቋጠርኩት። ጥብቅ አድርጌ፣ እንደ ጫማ ክር። አላወቀችም ብዬ ነበር። በሳምንቱ አባባ ሸማኔ ራሳቸው ቤት መጡ። ነጠላውን ዘርግተው አንዲት ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ቋጠሮዬ እንደ ኪንታሮት ጉብ ብሏል። "ይህ ያንቺ እጅ አይደለም" አሏት።

አልመታችኝም። አስቀመጠችኝና አሳየችኝ። የተበጠሰውን ጫፍ ፈታ ፈታ አድርጋ መልሳ ጥጥ አደረገችው። ከአመልማሎው ትንሽ ሳበች። ከተበጠሰበት ወደ ኋላ አንድ ጣት ያህል ተመልሳ አንዱን በሌላው ላይ ደረበችው፤ ከዚያ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሾረችው። የተበጠሰው ቦታ ጠፋ። እኔ ፈልጌ አላገኘሁትም። "ከተበጠሰበት አትጀምርም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ነው" አለችኝ። ስለ ጥጥ ነበር የምታወራው። እኔ ሰሞኑን ማታ ማታ ሳነብ ነው ያስታወስኩት። አንድ ቃል ላይ ድምፄ ሲበጠስ ከዚያው ቃል ልነሣ ስታገል እንደገና እወድቃለሁ። ግማሽ መስመር ወደ ኋላ ተመልሼ ከሚያልፍልኝ ቃል ስነሣ ግን ሳላውቀው አልፌዋለሁ።

አሁን ወደ ስድስቱ።

የመጀመሪያ ልጇ በ1955 ዓ.ም. ተወለደ። እኔ አላየሁትም። ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ፣ እሱም ወደ ሰሜን ሄደ። የመጨረሻው ደብዳቤው ከከረን ነው፣ በ1980 ዓ.ም. የተጻፈ። የጻፈው ግማሽ ገጽ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሰላምታ። "ብርድ የለም፣ ጋቢው ይቆየኝ" ይላል። እሷ ፈትላ ልትልክለት ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ምንም። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ተበትኖ ወታደሩ በእግሩ ሲመለስ ፎቶውን ይዛ መንገድ ላይ ትቆም ነበር። የደከመውን ውሃ እያጠጣች ፎቶውን ታሳየዋለች። ያየ አልነበረም፤ ወይም አይቶ የሚናገር አልነበረም። መርዶም አልመጣም። መርዶ ያልመጣለት ሰው ደግሞ አይለቀስለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ሠልስት የለውም፣ አርባ የለውም። ዘመድ በየጊዜው "እርምሽን አውጪ" ይላታል። እሷ መልስ አትሰጥም። ጋቢውን ግን በየዓመቱ ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷ አይደለችም። እናቴ ናት። እሷ ስለ እሱ ስትናገር የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ ነው። ቆጣሪዋ ወጣት ልጅ ናት፤ ዱካ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ትጽፋለች። እኔ በሩ ጋ ነኝ። አያቴ እየፈተለች ነው የምትመልሰው።

"እማማ፣ ስንት ልጆች ወለዱ?"

"ስድስት።"

"ከስድስቱ በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው?"

"ስድስት።"

እናቴ ከጓዳ ሰማች። ወጥታ ቀስ ብላ "አምስት በይ" ብላ ቆጣሪዋን አረመቻት። አያቴ እንዝርቷን አቆመች። ቀና ብላ እናቴን አየቻትና

[እዚህ ላይ ቆምኩ። ቀዩ መስመር ይሄ ነበር። ምሰሶውን ፈለግኩት፣ አላየሁትም። ከኋላ ለቅሶ ሊነሣ ሲል ሰማሁት። ትንፋሼን አወጣሁ። ውሃ ጠጣሁ። እህቴ በሹክሹክታ እየቆጠረች ነበር፤ ሰባት ላይ እጇን ያዝኩት።]

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እናቴ ከጓዳ ሰማች። ወጥታ ቀስ ብላ "አምስት በይ" ብላ ቆጣሪዋን አረመቻት። አያቴ እንዝርቷን አቆመች። ቀና ብላ እናቴን አየቻትና "ማን ነገረሽ?" አለቻት።

ጮክ ብላ አይደለም። እንደ ቁጣም አይደለም። የምር ጥያቄ ነበር። የሚያውቅ ሰው ካለ ልትሰማ ነው የጠየቀችው። እናቴ መልስ አልነበራትም። ቆጣሪዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ሁለቱን አፈራርቃ አየች። ምን ብላ እንደጻፈች አላውቅም። እንዝርቱ እንደገና ሲሾር ግን ትዝ ይለኛል።

የቀብሩን ወረቀት ስጽፍ አንድ የእድር አባት "ወረቀቱ ላይ አምስት በሕይወት ያሉ፣ አንድ የሞተ ብለህ ለይ፤ ወጉ እንደዚያ ነው" ብለውኝ ነበር። በቅንነት ነው ያሉት። እኔ ስድስት ብዬ ተውኩት። ከዚያ ማይክ ይዤ ስድስት ስል፣ እሱ በሰው ፊት በድምፅ ማጉያ ሲቆጠር የመጀመሪያው መሆኑ ገባኝ። የእሷን ታሪክ ላነብ ወጥቼ የእሱም ቀብር ሆነብኝ። የወደቅኩት ለዚያ ነው።

ጋቢውን በ2003 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ ለእኔ ሰጠችኝ። እናቴ ሣጥኑ ሲከፈት ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው። አያቴ ግን እንደ ተራ ዕቃ አጣጥፋ ሻንጣዬ ላይ ጣለችልኝ። "ጅማ ዝናብ ነው አሉ። ብል ከሚበላው ልበሰው" አለችኝ። አራት እጥፍ፣ ከባድ፣ ሃያ ሦስት ዓመት የታጠፈበት መስመር ያልለቀቀው ጋቢ። እንግዲህ ተስፋ መቁረጧ ነው፣ ወይስ እሱ ሲመጣ ሌላ እፈትልለታለሁ ብላ ነው? አልጠየቅኳትም። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። እናቴ የመጀመሪያው ነው ትላለች። በዚህ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ለብሼው አለቀ። የምሬን ነው፤ ዳር ዳሩ ተበልቶ ክርኔ ያለበት ቦታ ላይ ወንፊት ሆኗል። አምና አየችውና "ይህን ለብሰህ ሰው ፊት ትወጣለህ?" አለችኝ። ከዚያ ሌላ ጀመረችልኝ። ዓይኗ ደክሟል። ድሮ ለአንድ ጋቢ የሚሆን ማግ ሁለት ወር ነበር የሚፈጅባት፤ ይሄ ግን ዓመት ሞላው። በሽታው ሲጠናባት አልጋዋ ላይ ሆና፣ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ማሾር ሲያቅታት በጣቶቿ ብቻ እያዞረች ፈተለች። የመጨረሻዎቹ ልቃቂቶች ወፈር ቀጠን ይላሉ። አባባ ሸማኔ ሲቀበሉኝ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቋጠሮ ግን አንድም አላገኙበትም።

ባለፈው ሳምንት ጠሩኝ። ጋቢው መቋጫው ላይ ደርሷል፣ ማጉ ግን አልበቃም። ታጥፎ ሲሰፋ አንድ ስንዝር ከምናምን ያጥራል አሉኝ። ቤት እንዝርቷ ላይ የቀረች ክር አለች፤ እሷን እናቴ አልሰጥም ብላለች። እኔም አልጠየቅኩም።

"ከገበያ ማግ ገዝቼ ልሙላልህ፤ እንዳይታወቅ አድርጌ አስገባዋለሁ" አሉኝ አባባ ሸማኔ።

"አይ፣ እንዳለ ይቆረጥ" አልኳቸው።

"እግርህ ውጭ ያድራል እኮ።"

"ይደር" አልኳቸው።